የምትወስዱባቸውንም ደቂቃ ጻፉ

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ኢሜይል ነው። ለማያውቁት ሰው የሚላክ የሽያጭ ኢሜይል፤ እኛ ሻጮቹ ኮልድ ኢሜይል የምንለው። ተቀባዩ የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ነው። የሚሸጠው ደግሞ ታካሚዎችን ቀጠሯቸውን በአጭር መልእክት የሚያስታውስ ሶፍትዌር ነው። ትምህርት ቤትንም በመሀል እነካካለሁ። ዋናው ግን ይሄው አንድ ኢሜይል ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላንብብላችሁ። ሶፍትዌሩን ጨርሰን ለሽያጭ በወጣንበት ሰሞን የጻፍኩት ኢሜይል እንዲህ ነበር የሚጀምረው፦

«ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤ ድርጅታችን ዘመኑ ያፈራውን ቴክኖሎጂ በመጠቀም የጤና ተቋማትን አሠራር ለማዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ሶፍትዌራችን ጊዜዎን በእጅጉ የሚቆጥብ፣ ለአጠቃቀም እጅግ ቀላልና በአጭር ጊዜ ሥራ ላይ የሚውል በመሆኑ...»

እየሳቃችሁ ነው። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን ሁለት ቀን ለፍቼበት ነበር። ለስልሳ ምናምን ክሊኒኮች ላክሁት። የመጣልኝ መልስ አንድ ነው። እሱም ከአንዲት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሰላምታ እንኳን የለውም፦

«ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ አንድ ናት። እሷ ስትሰለጥን ስልኩን ማን ያነሳል?»

ይቺን መልስ ደጋግሜ አነበብኳት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እኔ ስለ ዘመን ለውጥ እያወራሁ ሴትዮዋ ስለ ስልክ ትጠይቀኛለች። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ኢሜይሉን ከማንም በላይ አንብባዋለች። «ጊዜ ይቆጥባል» የሚለውን አይታ ያሰበችው ስለሚቆጠበው ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በፊት ስለሚወሰድባት ጊዜ ነው ያሰበችው። የእኔ ኢሜይል ደግሞ ስለዚያ አንዲት ቃል የለውም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይሄንኑ ነው። ጊዜ እንደምትቆጥቡ ስትጽፉ፣ ለመጀመር የምትወስዱባቸውን ጊዜ አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውን ማንም አያምነውም።

ለሴትዮዋ የመለስኩላት እውነቱን ነው። «መልስ የለኝም። መጥቼ ሥራውን ባየው ይፈቅዱልኛል?» አልኳት። ፈቀደችልኝ። ሁለት ቀን ሪሴፕሽኑ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ፣ ሰዓትና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ አካባቢ የቀጠሮ መዝገቡን ትከፍታለች። የነገን ገጽ ታወጣለች። ከላይ ጀምራ ማስመሪያ ከስም ስም እያወረደች ትደውላለች። ካነሱ የራይት ምልክት ታደርጋለች። ካላነሱ ስሙን በእርሳስ ታከብባለች። በመሀል መስኮቱ ጋ ሰው ይመጣል። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ካርድ ትሰጣለች። ከዚያ ማስመሪያው የት ስም ላይ እንደነበር ትፈልጋለች።

ለነገ 38 ቀጠሮ ነበረ። በመጀመሪያው ዙር 24 ሰው አነሳ፤ 14 አላነሳም። ያነሳው ሰው በአማካይ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ያላነሳው፣ ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ፣ አንድ ደቂቃ። ስለዚህ 48 ሲደመር 14፣ ይሄ 62 ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ዙር ከ14ቱ 9ኙ አነሱ፤ 5ቱ ጭራሽ አልተገኙም። 18 ሲደመር 5፣ 23 ደቂቃ። በጠቅላላው 85 ደቂቃ።

ይሄ ቁጥር በእጃችሁ ሲገባ የሚመጣውን ፈተና አውቀዋለሁ። «ሶፍትዌራችን በቀን 85 ደቂቃ ይቆጥባል» ብላችሁ መጻፍ ያምራችኋል። እኔንም አምሮኝ ነበር። ውሸት ነው። መልእክት የተላከለት ሁሉ አይመልስም። ያልመለሰው ላይ መደወል የግድ ነው።

ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላ እዚያው በርጩማ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚያ ቀንም ቀጠሮው 38 ነበር። አጭር መልእክቱ ጠዋት ይሄዳል። የሚመጣ ሰው «1» ብሎ ይመልሳል፤ ቀኑን መለወጥ የፈለገ «2»። በዚያ ቀን 26 ሰው «1» አለ። 3 ሰው «2» አለ። 9 ሰው ዝም አለ። እንግዲህ ልጅቷ የደወለችው ለ12 ሰው ነው። ቀን ለሚለውጡት ሦስት ሰዎች ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ ሆነ። ዝም ካሉት 9 ሰዎች 5ቱ አነሱ፣ 4ቱ አላነሱም፤ 14 ደቂቃ። በሁለተኛ ዙር ከአራቱ አንዱ ብቻ አነሳ፤ 5 ደቂቃ። ስክሪኑን ከፍቶ ዝርዝሩን ለማየት ደግሞ 5 ደቂቃ። ድምሩ 33 ነው።

85 ሲቀነስ 33፣ 52 ደቂቃ። የተቆጠበው ይሄ ነው። ኢሜይሉ ላይም የሚጻፈው ይሄ ነው። ከ85 ጋር ሲተያይ ያንሳል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጇ ብትጠይቅ ከየት እንደመጣ ቁጭ ብላችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ። በ85ቱ ብትመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ትወድቃላችሁ፦ «መልእክት የማይመልሱትስ?»

ሌላም ፈተና አለ። 52 ደቂቃን በ250 የሥራ ቀን ማባዛት። ወደ 217 ሰዓት ይመጣል። «በዓመት 217 ሰዓት!» ብሎ በደማቁ መጻፍ። አትጻፉት። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን 217 ሰዓት ተጠራቅሞ በእጁ የገባለት ሰው የለም። ጊዜው የሚገኘው በቀን በቀን፣ ያውም ተቆራርጦ ነው። ሥራ አስኪያጇ የምታውቀው ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ሰልፍ ሲበዛ ልጅቷ ስልክ ይዛ እንደምትገኝ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ትታችሁ የዚያን ሰዓት ጻፉላት። ለእሷ የሚታያት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ከኢሜይሉ ትንሽ ወጣ ልበል። እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ የሰማሁት ነገር አለ። ከሁለቱ ደቂቃ ግማሹ ስለ ቀጠሮ አይደለም። «መድኃኒቱን ምግብ ሳልበላ ነው የምወስደው?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ከልጇ ጋር መምጣት ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች። አጭር መልእክት ይሄንን አይተካም። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ሌላ ጊዜ በሌላ ስልክ ተመልሰው ይመጣሉ። ምን ያህሉ እንደሚመለሱ አልለካሁም። ስለዚህ 52 ስል «ገደማ» የምትል ቃል ከኋላዋ አለች።

አሁን ወደ ማስጀመሩ እንምጣ። ኢሜይሎች ሁሉ «ለመጀመር ቀላል ነው» ይላሉ። እስቲ አንድ ሶፍትዌር ሻጭ «ለመጀመር ከባድ ነው» ሲል የሰማ እጁን ያውጣ። የለም። ሁሉም የሚለው ቃል ደግሞ ምንም አይናገርም። ስለዚህ «ቀላል» የሚለውን ሰርዙና በምትኩ ማን፣ ምን፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ጻፉ።

በእኛ በኩል እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ክሊኒኩ የቀጠሮ ዝርዝሩን በኤክሴል ማውጣት አለበት። ስም፣ ስልክ፣ ቀን። ይሄ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የሪሴፕሽኗ ልጅ አርባ ደቂቃ ትሰለጥናለች። በሃያ በሃያ ደቂቃ ለሁለት ከፍለን። ሦስተኛው ሁሉም የሚደብቀው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም አሠራር ጎን ለጎን ይሄዳል። መልእክቱም ይላካል፣ ልጅቷም እንደ ድሮው ለሁሉም ትደውላለች። ምክንያቱም ሶፍትዌሩን ገና ማንም አላመነውም፤ ማመንም የለበትም። ይህ በቀን ወደ 15 ደቂቃ ተጨማሪ ሥራ ነው። በአምስት ቀን 75 ደቂቃ።

20፣ 40 እና 75 ስንደምር 135 ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ይሄ ሥራ አስኪያጇ ገና ምንም ሳታገኝ የምትከፍለው ዕዳ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 52 ደቂቃ መቆጠብ ሲጀምር ዕዳው በሦስተኛው ቀን ተከፍሎ ያልቃል። ይሄንን ስትነግሯት የምትደነግጥ እንዳይመስላችሁ። እሷ በልቧ የገመተችው ወር ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲባል ትንፋሽ ነው የሚሰጣት። ዝም ስትሉ ግን የራሷን ግምት ይዛ ትቀራለች።

ለምን ጎን ለጎን እንደምናስኬደው የራሳችንን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ክሊኒክ ዝርዝሩን ላከልን፤ እኛም ቀጥታ አስገባነው። በማግስቱ መልእክት ከተላከላቸው ውስጥ «1» ብሎ የመለሰ አንድም ሰው የለም። ልጅቷ በልማዷ ደውላ ነበርና ታካሚዎቹ አልተጎዱም። ነገሩን ስናየው ኤክሴል የስልክ ቁጥሮቹን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ከፊት ያለውን ዜሮ በልቶታል። በዜሮ የሚጀምር ስልክ በኤክሴል ሳጥን ውስጥ እንደ ጽሑፍ ካልተቀመጠ ዜሮው ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ፋይል ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራችን የቁጥሮቹን ርዝመት መቁጠር ነው። ሁሉም እኩል አንድ አሃዝ ካነሰባቸው ምን እንደሆነ ታወቀ። ሁለተኛው ደግሞ ቀኑ ነው። 3/4 ማለት የሦስተኛው ወር አራተኛ ቀን ነው ወይስ የአራተኛው ወር ሦስተኛ ቀን? ልጅቷን እስክትጠይቁ ድረስ አታውቁም። ከ13 በላይ የሆነ ቁጥር የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ፈልጉ፤ እሱ ይነግራችኋል።

ይሄንን የማጽዳት ሥራ የምንሠራው እኛ ነን። ኢሜይሉ ላይ አይጻፍም፤ የእነሱ ደቂቃ ስላልሆነ።

አሁን ኢሜይሉን ላንብብላችሁ። ከብዙ መሰረዝና መደለዝ በኋላ የቀረው ይሄ ነው፦

ርዕስ፦ ለነገ ቀጠሮ የሚደረገው ጥሪ

ጤና ይስጥልኝ፤

ሪሴፕሽናችሁ የነገ ታካሚዎችን እየደወለ የሚያስታውስ ከሆነ ይህ ኢሜይል ይመለከትዎታል። ካልሆነ ይለፉት።

በቀን 38 ቀጠሮ ያለው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠን ስንለካ ጥሪው 85 ደቂቃ ይወስድ ነበር። የእኛ ሶፍትዌር ማስታወሻውን በአጭር መልእክት ይልካል፤ መደወል የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ለይቶ ያሳያል። አሁን 33 ደቂቃ ይወስዳል።

ለመጀመር ከእናንተ የሚፈለገው የቀጠሮ ዝርዝር ማውጣት (20 ደቂቃ)፣ የአንድ ሠራተኛ ሥልጠና (40 ደቂቃ)፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ በቀን 15 ደቂቃ ተጨማሪ ሥራ ነው። በዚያ ሳምንት የድሮው አሠራር ስለሚቀጥል ምንም ጊዜ አይቆጠብም። ሥልጠናው ሲሰጥ ከእኛ አንድ ሰው ሪሴፕሽን ላይ ስልክ ያነሳል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ በቀን ለስንት ቀጠሮ ትደውላላችሁ? ቁጥሩን ብቻ ቢመልሱልኝ የእናንተን ሒሳብ ሠርቼ እልክልዎታለሁ።

ሁለተኛ እንዳልጽፍልዎ ከፈለጉ «ይቅር» ብለው ይመልሱ።

በቃ። ከዚህ በታች ስሜ፣ ስልኬና የድርጅቱ አድራሻ አለ። አባሪ የለም፣ ሥዕል የለም፣ ቪዲዮ የለም።

ርዕሱ ላይ ስለ ሶፍትዌር አላነሳሁም። የእሷን ሥራ ነው የጠራሁት። «ጊዜዎን የሚቆጥብ ዘመናዊ መፍትሔ» የሚል ርዕስ ማስታወቂያ መሆኑ ገና ሳይከፈት ይታወቃል። «ለነገ ቀጠሮ የሚደረገው ጥሪ» ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ታካሚ የጻፈው አስመስላችሁ ርዕስ አትስጡ። «ስለ ቀጠሮዬ» ብሎ የላከ ሰው አውቃለሁ። ተከፈተለት። ከዚያ ተሰደበ።

የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር «ከሆነ» የምትል ቃል አለባት። ይህች ቃል ብዙ ትሠራለች። ክሊኒኩ ጭራሽ የማይደውል ከሆነ የእኔ ሶፍትዌር ምንም ጊዜ አይቆጥብለትም። እንዲያውም ሥራ ይጨምርበታል፤ ዜሮ የነበረው ጥሪ 33 ደቂቃ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ክሊኒክ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ ሰዎችን መቀነስ። እሱ ሌላ ኢሜይል ነው፤ ሌላ ልኬትም ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ካጨቃችኋቸው ሁለቱም አይታመኑም።

ጥያቄዋን ደግሞ እዩዋት። አብዛኛው ሻጭ መጨረሻ ላይ «የሠላሳ ደቂቃ ዴሞ እናሳይዎት?» ይላል። ጊዜ እቆጥብልሃለሁ ያልከውን ሰው ሠላሳ ደቂቃ ስጠኝ ማለት ነው። ይሄ እርስ በርሱ ይጣላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ቁጥር ነው። ሥራ አስኪያጇ ኮሪደር ላይ እየሄደች በስልኳ «25» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ያቺ «25» ደግሞ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት፤ በሷ ቁጥር ሒሳቡን ሠርቼ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ እሷ ክሊኒክ ነው።

አንዳንዴ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ይመጣል። አንዱ «12» ብሎ መለሰልኝ። አሰላሁት። አሁን የሚፈጅባቸው 27 ደቂቃ ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ቢገባ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ያተርፋሉ፤ ስክሪኑን የማየቷ አምስት ደቂቃ ቀጠሮ ስላነሰ ብዙ አትቀንስም። ለዚያ ብላችሁ 135 ደቂቃ አውጥታችሁ በየወሩ አትክፈሉ አልኩት። ባልደረባዬ ተቆጣኝ። ግን ቢገዙ ኖሮ በሁለት ወር ውስጥ ይተዉት ነበር፤ እኛም ፋይላቸውን አጽድተን፣ አሠልጥነን፣ ድካሙ በእኛ ላይ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ኢሜይሉ ውስጥ አለመኖሩን ልብ በሉ። የታካሚ ዝርዝር ላኩልኝ አይልም። ለማይታወቅ ሰው የታካሚ ስምና ስልክ በኢሜይል የሚልክ ሥራ አስኪያጅ ካለ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። ጠይቃችሁት ከሆነ ደግሞ እናንተ አታውቁም ማለት ነው። ሙከራው የሚጀመረው በሠራተኞቹ በራሳቸው ስልክ ነው። አምስት ሠራተኛ፣ አምስት የውሸት ቀጠሮ። ልጅቷ መልእክቱ እንዴት እንደሚደርስ በራሷ ስልክ ታያለች። ዝርዝሩ የሚመጣው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው፤ እሱም በኢሜይል አባሪ አይደለም።

ስለ መልእክቱ ይዘትም አንድ ጥፋታችንን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ መልእክታችን የክፍሉን ስም ይጠቅስ ነበር። «ነገ በእንዲህ ያለ ክፍል ቀጠሮ አለዎት» እያለ። ስልክ ደግሞ የቤተሰብ ነው፤ ባል የሚስቱን ያያል፣ ልጅ የእናቱን። አንዲት ታካሚ ክሊኒኩ ድረስ መጥታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የሚላከው የክሊኒኩ ስም፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ይሄን ጥያቄ የሚያነሳ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ መልሱን ይዛችሁ ጠብቁ።

ለትምህርት ቤት የምትሸጡ ደግሞ፣ መንገዱ ያው ነው፤ ሒሳቡ ግን ይለያል። የሪፖርት ካርድ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር በየቀኑ ምንም አይቆጥብም። የሚቆጥበው ካርድ በሚሠራበት ሳምንት ነው። ስለዚህ «በቀን» የምትለዋን ቃል አውጡና «በካርድ ሳምንት አንድ የክፍል ኃላፊ ስንት ሰዓት ይደምራል» ብላችሁ ለኩ። ኢሜይሉን ግን በዚያው ሳምንት አትላኩ። ምዝገባ ላይም አትላኩ። ካርዱ ተሰጥቶ ባለቀ በሳምንቱ ላኩ። ድካሙ ገና ከትከሻቸው አልወረደም፤ ለማንበብ ግን ጊዜ አላቸው። የማስጀመሪያው ዕዳም የሚከፈለው በአንድ ተርም እንጂ በሦስት ቀን አለመሆኑን ንገሯቸው።

ስለ መድረስ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ከገባ የጻፍነው ሁሉ ከንቱ ነው። ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁ የጂሜይል አድራሻ ላኩና ዋናውን ጽሑፍ የሚያሳየውን «Show original» የሚለውን ምርጫ ክፈቱ። ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን መምጣቱን የሚያረጋግጡትን እነዚህን ሦስቱን ፈልጉ፦

```
spf=pass
dkim=pass
dmarc=pass
```

አንዱ እንኳን `fail` ካለ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ የዶሜይናችሁን ሥራ የሚይዘውን ሰው ጥሩና አስተካክሉ። ጉግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ የሚልኩትን ሦስቱንም አስገድዷል። እናንተ በቀን ሃያ ብትልኩም ከሦስቱ ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ይፈለግባችኋል። ሦስቱንም አድርጉና ተገላገሉ። ጉግል የስፓም አቤቱታ ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስም ይላል። ሃያ ልካችሁ አንድ ሰው ስፓም ቢላችሁ አምስት በመቶ ነው። ለዚያ ነው «ይቅር» የምትለዋ መስመር ያለችው፤ ሰው መውጫ ሲያገኝ የስፓሟን ቁልፍ አይነካም።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለውንም ቁጥር ብዙ አትመኑት። አፕል በ2021 ባመጣው የኢሜይል ገመና ጥበቃ ምክንያት፣ ሰውየው ሳያነብ ኢሜይሉ የተከፈተ መስሎ ይቆጠራል። መልስ ቁጠሩ። የመለሰ መለሰ ነው።

መልስ ካልመጣ ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ። «ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» አልልም። ይሄ ሰውን ማሳጣት ነው። አዲስ ነገር አንድ እጨምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የዜሮዋን ታሪክ፣ ፋይሉን እኛ እንደምናጸዳ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ካልመለሱ እተዋለሁ።

ከኢሜይሉ ሁሉ ግን ሰው መልስ ሲሰጥ የሚያነሳት መስመር አንዷ ናት፦ «ከእኛ አንድ ሰው ሪሴፕሽን ላይ ስልክ ያነሳል።» «እውነት ነው?» ይላሉ። የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅም ይሄንኑ ነው ያለችኝ። ሁለቱን ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከጨረስኩ በኋላ ቢሮዋ ገብቼ «ልጅቷ ስትሰለጥን ስልኩን እኔ አነሳለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ?» አለች።

በማግስቱ ልጅቷና ባልደረባዬ የኋላ ክፍል ገቡ። እኔ የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቀጠሮ መዝገቡ፣ ማስመሪያው፣ እርሳሱ ፊቴ ናቸው። በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ሰባት ስልክ መጣ። አራቱን በደንብ መለስኩ። ሁለቱን ቆረጥኩባቸው፤ ወደ ሐኪሙ ክፍል የሚያስተላልፈው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ሰባተኛዋ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ማነህ? ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አሉኝ። ትምህርት ላይ ናት አልኳቸው። «እንግዲያው እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ።